ቡሬ ሁሉ የፈረንጅ ላም አይደለችም

ባለፈው ወር አጎቴ በቴሌግራም አንድ ፎቶ ላከልኝ። ሰባት ጥቁርና ነጭ ቡሬ ላሞች ሜዳ ላይ ቆመዋል። ከሥሩ «ክልስ የወተት ላሞች» ይላል፤ ዋጋውም የክልስ ዋጋ ነው። «ልግዛ ወይ?» አለኝ።

እኔ የተማርኩት ኢኮኖሚክስ ነው፤ ያደግኩት ግን ፎገራ፣ ከብት እየጠበቅኩ ነው። የኛ አገር ላም ራሷ ቡሬ ናት እኮ! ጥቁርና ነጭ ስላየን ብቻ «የፈረንጅ ደም አለባት» ማለት ስህተት ነው። በኔ እምነት የከብት ፎቶ ሲታይ መልክ መጨረሻ ላይ ነው መምጣት ያለበት።

መጀመሪያ ሻኛውን እዩ። የፈረንጇ ሆልስታይን ሻኛ የላትም፤ ጀርባዋ ከአንገቷ እስከ ጭራዋ ቀጥ ያለ ነው። ፎገራ ሻኛ አላት፤ ከአንገቷ ሥር የሚንጠለጠለው ቆዳም ከሆልስታይን ይሰፋል። ክልስ ስትሆን ሻኛው ያንሳል እንጂ የግድ አይጠፋም።

ቀጥሎ ቀንዱ። የፎገራ ቀንድ አጭር ነው። ረጅምና ወደ ላይ የወጣ ቀንድ ካያችሁ አፋርን ወይም ራያን አስቡ። ቀንዱ አጭር፣ ሻኛው ትከሻው ላይ ጉብ ያለ፣ መልኩም ነጣ ያለ ከሆነ ደግሞ ቦረና ሊሆን ይችላል። ሆልስታይንም ቀንድ ስላላት፣ ብዙ ጊዜም በጥጃነቷ ስለሚቆረጥ፣ ቀንድ ብቻውን አይፈርድም።

አሁን ወደ አጎቴ ፎቶ እንመለስ። ሦስቱ በጎን ቆመዋል፤ ሻኛቸው ግልጽ፣ ቀንዳቸው አጭር ነው። ሁለቱ ፊታቸውን ወደ ካሜራው አዙረዋል፤ ከፊት ሲታይ ሻኛ ስለማይለይ ተውኳቸው። አንዷ አቀርቅራ ትግጣለች፤ አንገት ሲወርድ የሻኛ ቅርጽ ያሳስታል። ሰባተኛዋ ከኋላ ተሸፍናለች። ስለዚህ የቻልኩት ስለ ሦስቱ መናገር ብቻ ነው፤ እነሱም ፎገራ ይመስላሉ።

ከዚህ በላይ ፎቶ አይናገርም። ግማሽ ክልስና ሦስት አራተኛ ክልስ በዓይን አይለዩም። የጊደር ሻኛ ገና በደንብ አልወጣም፤ የከሳች ላም ሻኛም ይሟሽሻል። ደሙን የሚነግራችሁ የማዳቀል መዝገቡ ነው።

ጆርጅ አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ1970 ስለ አሮጌ መኪና ገበያ የጻፈው ይኸው ነው፦ ሻጩ የሚያውቀውን ገዢው ካላወቀ፣ መጥፎውም ጥሩውም በአንድ ዋጋ ይሸጣል። ፎገራ መጥፎ ላም አይደለችም፤ በወተቷ የተመሰገነች ናት። ግን በክልስ ዋጋ መግዛት ኪሳራ ነው።

አጎቴን «ሰባቱንም አንድ በአንድ፣ በጎን ቆመው፣ አንገታቸውን ቀና አድርገው ያንሳልህ፤ የአባታቸውንም መዝገብ ጠይቀው» አልኩት። ጠየቀ። ሻጩ መልእክቱን አየና ዝም አለ። አጎቴም ብሩን ኪሱ ውስጥ መለሰ።