ከኋላ ወንበር የሚሰማ ፍሬን

ኤሌክትሪክ መኪና በገባበት ቤት ሁሉ አንድ ተመሳሳይ ቅሬታ እሰማለሁ። ቅሬታውን የሚያሰሙት ሾፌሮቹ ሳይሆኑ ከኋላ የሚቀመጡት አያቶችና ልጆች ናቸው። «ድምፅ የላትም፣ ጭስ የላትም፣ ግን ታቅለሸልሻለች» ይላሉ። በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ በጥር 2016 ዓ.ም. ከተነገረ ወዲህ ኤሌክትሪክ መኪናው በየሰፈሩ በርክቷል። ከመኪናው ጋር ቅሬታውም አብሮ መብዛቱ አይገርምም።

አጎቴ ከመተከል ዞን፣ ከቡለን፣ ለዓይን ሕክምና መጥተው እኛ ዘንድ ሰንብተው ነበር። የዓባይን በረሃ ጠመዝማዛ ቁልቁለትና ዳገት በአውቶቡስ ሲያልፉ ምንም ያላላቸው ሰውዬ፣ በእኛ መኪና ከመገናኛ ሜክሲኮ ሳይደርሱ ፊታቸው አመድ መሰለ። በሁለተኛውም ቀን እንዲሁ ሆኑ። ቤተሰቡ ነገሩን ወደ ደም ግፊት መድኃኒታቸው ሊወስደው ነበር። እሳቸው ግን ከኋላ ሆነው የባለቤቴን እግር ሲያዩ ከርመው ኖሮ፣ «ልጄ፣ ባልሽ ፍሬን ሳይረግጥ መኪናው ለምንድን ነው ድንገት የሚይዘው?» አሉኝ።

ጥያቄው ትክክለኛው ጥያቄ ነው። የነዳጅ መኪና ሾፌር እግሩን ከነዳጅ ላይ ሲያነሣ መኪናው ለጥቂት ጊዜ ይንሸራተታል። ማቆም ሲፈልግ ፍሬን ይረግጣል፤ ሸራው ዲስኩን ጨምቆ ይይዘዋል፤ መኪናው ይዞት የነበረው የሩጫ ጉልበት ሁሉ ሙቀት ሆኖ አየር ላይ ይበተናል። ለዚያ ሩጫ የወጣው ነዳጅ አብሮ ሄደ ማለት ነው።

ኤሌክትሪክ መኪናው ግን ከሸራው በፊት ሌላ ፍሬን አለው፤ እሱም ራሱ ሞተሩ ነው። ለአጎቴ ያስረዳኋቸው በድሮ ብስክሌት ዲናሞ ነበር። መብራቱን ለማብራት ዲናሞውን ከጎማው ጋር ስታገናኙት ፔዳሉ ወዲያው ይከብዳል። መብራቱን የሚያበራው የእግራችሁ ጉልበት ስለሆነ፣ ያ ክብደት የመብራቱ ዋጋ ነው። በመኪናው ውስጥም ሾፌሩ ፔዳሉን ሲጫን ባትሪው ሞተሩን፣ ሞተሩ ጎማውን ያዞራል። እግሩን ሲያነሣ ነገሩ ይገለበጣል፤ ጎማው ሞተሩን ያዞረዋል፣ ሞተሩ ዲናሞ ይሆንና ያመነጨውን ኤሌክትሪክ ወደ ባትሪው ይመልሳል። ለመዞር እምቢ ስለሚልም መኪናው ይያዛል።

አጎቴ ጥቂት አሰቡና «ታዲያ ይኼ ጉባ ላይ ያለው አይደለም እንዴ?» አሉ። ነው እንጂ! የሕዳሴው ግድብ ያለው እዚያው መተከል ዞን ውስጥ፣ ጉባ ወረዳ ነው። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. በተመረቀው በዚያ ግድብ 13 ተርባይኖችን እያዞረ ኃይል የሚያመነጨው የሚወርደው ውሃ ነው። በመኪናችን ውስጥ ደግሞ የውሃውን ሥራ የሚሠራው ከነተሳፋሪዎቹ ወደፊት የሚሮጠው የመኪናው ክብደት ነው።

እንግዲህ የሚያቅለሸልሸው መያዙ ሳይሆን አያያዙ ነው። በመንገድ መጨናነቅ ውስጥ ሾፌሩ በደቂቃ ውስጥ ደጋግሞ ይጫናል፣ ያነሣል። ኃይል የሚመልሰው ፍሬን ጠንከር ብሎ ተስተካክሎ ከሆነ፣ እግር ባነሣ ቁጥር የሁሉም ጭንቅላት ወደፊት ይነቀነቃል፤ መልሶ ሲጫን ወደኋላ ይሄዳል። ሾፌሩ መቼ እንደሚያነሣ አስቀድሞ ስለሚያውቅ ሰውነቱ ይዘጋጃል። ከኋላ ያለው ሰው፣ በተለይ ስልክ የሚያይ ልጅ ወይም ዓይኑን የጨፈነ ሽማግሌ፣ አያውቅም። ጆሮው ውስጥ ያለው የሚዛን አካል «ተንቀሳቀስን» ሲል ዓይኑ «የለም» ይለዋል፤ ማቅለሽለሹ የሚመጣው ከዚህ አለመስማማት ነው። በነዳጅ መኪናም ይህ አለ። በኤሌክትሪኩ የሚብሰው ሞተሩ በቅጽበት ስለሚጎትትና በቅጽበት ስለሚይዝ ነው።

ደግነቱ ጥንካሬው ይስተካከላል። ማስተካከያው እንደየመኪናው ይለያያል። በብዙ የቢዋይዲ መኪናዎች በስክሪኑ ውስጥ ሁለት ምርጫ አለ፤ በእንግሊዝኛ ከሆነ ቀለል ያለው Standard፣ ጠንካራው High ወይም Larger ይላል። ከቻይና እንደመጣ ቋንቋው ያልተቀየረ ከሆነ 能量回馈 የሚለውን ፈልጉ፤ 标准 ቀለል ያለው፣ 较大 ጠንካራው ነው። በከተማችን በብዛት በሚታዩት አይዲ 4 እና አይዲ 6 ቮልስዋገኖች ምርጫው ማርሹ ላይ ነው፤ D ላይ እግር ሲነሣ መኪናው ባብዛኛው ይንሸራተታል፣ B ላይ ይያዛል። በአንዳንድ የሀዩንዳይ መኪናዎች ደግሞ ከመሪው ኋላ በግራና በቀኝ ባሉ ሁለት መሳቢያዎች ደረጃ በደረጃ ይጨመራል፣ ይቀነሳል። የስክሪን ምርጫ ከሆነ መኪናው ቆሞ ሳለ አስተካክሉት።

ባለቤቴ ይህን ስነግረው የመለሰልኝን ብዙ ሾፌር ይለዋል፤ «ካላላሁት ቻርጅ ይባክናል።» እስቲ እናስላው። ከነሰዎቹ 2,000 ኪሎ የሚመዝን መኪና በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ሲሮጥ የያዘው ጉልበት አንድ ባለ 10 ዋት አምፖል ከአምስት ሰዓት በላይ ያበራል። ሲቆም ከዚህ ሁለት ሦስተኛው ወደ ባትሪው ተመለሰ ብንል ሦስት ሰዓት ተኩል ያህል መብራት ነው፤ የሚናቅ አይደለም። አሁን በመጨናነቁ ውስጥ በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር እየተጎተተ ነው እንበል። የሩጫ ጉልበት በፍጥነቱ ልክ ብቻ አይቀንስም፤ ፍጥነቱ በግማሽ ሲቀንስ ጉልበቱ ሩብ ይሆናል። ስለዚህ በ15 ኪሎ ሜትር የያዘው ከመጀመሪያው አንድ አሥረኛ እንኳ አይሞላም፤ አምፖሉን ግማሽ ሰዓት እንኳ አያበራም። በዚያ ላይ ሞተሩ በዝግታ ሲዞር የማመንጨት አቅሙ ይደክማል። አያት የሚያቅለሸልሻቸው ለዚህች ትርፍ ነው።

ከዚህ የሚበልጥ ሌላም ነገር አለ። በብዙዎቹ አዳዲስ ኤሌክትሪክ መኪናዎች ፍሬኑን ቀስ ብላችሁ ስትረግጡ መጀመሪያ የሚሠራው ሸራው ሳይሆን ያው ሞተሩ ነው፤ ሸራው የሚጨመረው ስትጠነክሩበት ነው። የእናንተ እንደዚያ መሆኑን ለማወቅ ኃይል መላሹን ቀለል ያለው ላይ አድርጋችሁ፣ ባዶ መንገድ ላይ ፍሬኑን በለስላሳው እየነካችሁ ዳሽቦርዱ ላይ ያለውን የኃይል መለኪያ አስተውሉ። ስትነኩት ወደ ቻርጅ በኩል ያለው ምልክት ከጨመረ፣ ቀለል ያለውን በመምረጣችሁ የምታጡት በጣም ትንሽ ነው። ምርጫው የሚለውጠው ኃይሉ በየትኛው ፔዳል በኩል እንደሚመለስ ነው። እኔ ይህን ካወቅሁ ወዲህ ሰው ጭኖ ከተማ ውስጥ ለሚነዳ ሁሉ ቀለል ያለውን እመክራለሁ። ብቻውን የሚነዳ የፈለገውን ያድርግ።

ጠንካራውን መልመድ የፈለገ ደግሞ እግሩን ያሠልጥን። ፔዳሉ ሙሉ በሙሉ ሳይነሣ፣ መሀል ላይ፣ መኪናው የማይጎትትበትም የማይይዝበትም አንድ ቦታ አለ። እግር እዚያ ደርሶ ትንሽ ካረፈ በኋላ ቀሪውን ቀስ ብሎ ማንሣት ነው። ሾፌሩ መልመዱን የሚመሰክረው ራሱ አይደለም፤ ኋላ የተቀመጠው ልጅ አንገቱ ሲነቀነቅ ወይም ጸጥ ሲል መስታወት ውስጥ ይታያል። ባለቤቴ ቀለል ያለውን መረጠ፤ አጎቴ በሦስተኛው ቀን ሜክሲኮ ደርሰው ቡና ጠየቁ።

ጠንካራው ቦታ የለውም ማለቴ ግን አይደለም፤ ቦታው ቁልቁለት ነው። ያው 2,000 ኪሎ መኪና 100 ሜትር ከፍታ ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት በ50 ኪሎ ሜትር ሲሮጥ ከያዘው አሥር እጥፍ ነው። ከእንጦጦ ጫፍ እስከ መሀል ከተማ ያለው የከፍታ ልዩነት ደግሞ ከ500 ሜትር ይበልጣል። ከፊሉ ለጎማና ለአየር ግፊት ቢሄድም ብዙው ይመለሳል፤ ዋናው ጥቅም ግን ሸራው ሳይግል መውረዱ ነው። እዚህ ላይ የድሮ ሾፌሮችን አንድ ልማድ ልንካ። ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ ቁልቁለት ላይ ማርሽ ዜሮ ማድረግ በነዳጅ መኪናም አደገኛ ነበር። በኤሌክትሪኩ N ላይ ማድረግ ማለት የሞተሩን ፍሬን መፍታት፣ የሚመለሰውንም ኃይል መጣል ነው።

ይህ ፍሬን የማይሠራበት ጊዜ እንዳለም እወቁ። ባትሪው ሌሊቱን 100 ከሞላ በጠዋት የሚመለሰውን ኃይል የሚያስገባበት ቦታ የለውም፤ ስለዚህ መኪናው ትናንት እንደያዘ ዛሬ አይይዝም። ቤታቸው ዳገት ላይ የሆነ ሰዎች ይህ በየጠዋቱ ይገጥማቸዋል፤ 80 ወይም 90 ላይ ቻርጁን ማቆም ይሻላቸዋል። በዝናብ ጎማ ሲንሸራተትም መኪናው ራሱ ኃይል መመለሱን ይቀንሰዋል። በብዙዎቹ ደግሞ መኪናው ሊቆም ሲል መያዙ ስለሚላላ የመጨረሻው ማቆም የፍሬን ፔዳሉ ሥራ ነው። እግር ከፍሬን መራቅ የለበትም፤ በተለይ ትምህርት ቤት በር ላይ።

ሸራው ብዙ ስለማይሠራ ዕድሜው ይረዝማል፤ ዲስኩ ግን ሥራ ሲፈታ ይዝጋል። ክረምት ላይ ጠዋት ስትነሡ የሚሰማው የመፋቅ ድምፅ ብዙውን ጊዜ እሱ ነው፤ ጥቂት ጊዜ ፍሬን ሲያዝ ይጠፋል። በሳምንት አንድ ቀን ከኋላችሁ ሰው በሌለበት ቦታ ፍሬኑን ጠንከር አድርጋችሁ ጥቂት ጊዜ ርገጡት። ድምፁ ከዚያ በኋላም ካልጠፋ፣ ወይም ፍሬን ሲያዝ መሪው የሚንቀጠቀጥ ከሆነ፣ ጎማውን አስፈትታችሁ ዲስኩን አሳዩ።