ዓይን አፋሩን የሚጥለው ዱቤ ነው

«ሰው ፊት ቆሞ መሸጥ የሚያፍር ከንግድ ይራቅ» የሚል ጽሑፍ ሰሞኑን አነበብሁ። ጸሐፊው ንግድን ሁሉ ደንበኛ በመጥራት መዝነውታል። ሱዳን ውስጥ ገዳሪፍ ያሉ ወገኖቻችንን ሥራ ቢያስቡ ኖሮ እንዲህ አይሉም ነበር።

እዚያ ጀበና ጥዳ ቡና የምትሸጥ ሴት ቀኑን ሙሉ ከማታውቀው ሰው ጋር ታወራለች፤ ይህ ለዓይን አፋር በእርግጥ ይከብዳል። እንጀራ ጋግራ ለምግብ ቤት የምታስረክበዋ ግን ከባለቤቱ ጋር አንዴ በዋጋ ትስማማለች፤ ከዚያ ወዲያ የሚናገርላት እንጀራው ነው። ገዳሪፍ የማሽላ አገር ነው። ጤፍ ሲወደድ ዱቄቱ በማሽላ ይቀየጣል። ማሽላው ሲበዛ እንጀራው ቶሎ ይደርቃል፤ ሲጠቀለልም ይሰነጠቃል። ስለዚህ ደንበኛን የሚያቆየው ቅይጡን አለመለዋወጥና በሰዓቱ ማድረስ እንጂ አፈ ጮሌነት አይደለም።

የዓይን አፋሩ እውነተኛ አደጋ ጸሐፊው ያላነሱት ዱቤ ነው። ባለምግብ ቤቱ «ነገ እከፍላለሁ» ሲል ዓይን አፋሯ ጋጋሪ ዝም ትላለች፤ ዕዳው ይከመራል፤ የዱቄት መግዣው ያልቃል። መፍትሔው ደንቡን ገና በመጀመሪያው ቀን መናገር ነው፦ የዛሬው እንጀራ የሚወርደው የትናንቱ ሒሳብ ሲከፈል ነው፤ ብዛቱም በሁለቱም ደብተር ይጻፋል። ደንበኞቹም ቢያንስ ሁለት ይሁኑ፤ አንድ ብቻ ከሆነ እምቢ ማለት አይቻልም።

ዓይን አፋርን ከንግድ ማባረር ስሕተት ነው። የሚበጀው ጥቂት ቋሚ ገዢ ያለውን ሥራ እንዲመርጥና ገንዘቡን ሳያፍር እንዲጠይቅ መምከር ነው።