ወሬ ሲያልቅ ወደኋላ ተመለሱ

ዛሬ ስለ ነዳጅ ዋጋ አላወራም፤ ስለ ፍቅር ቀጠሮ ነው።

እዚህ አትላንታ ልጆቻችን የመጀመሪያ ቀጠሮ ላይ ወሬ የሚያልቅባቸው ዓይናፋር ስለሆኑ አይመስለኝም። የኢሚግሬሽን ቃለ መጠይቅ ስለሚያደርጉ ነው። «መቼ መጣሽ? የት ትሠሪያለሽ? ከማን ጋር ትኖሪያለሽ?» ሁሉም በአንድ ቃል ይመለሳል፤ ክትፎው ሳይቀርብ ቅጹ ሞልቶ ያልቃል። ከዚያ ዝም። ልጁ ይደነግጥና አዲስ ርዕስ ፍለጋ ይሮጣል፤ ብዙ ጊዜ የሚያገኘው የአገር ቤት ፖለቲካን ነው። እሱ ደግሞ የት እንደሚያደርስ ታውቃላችሁ።

መሐንዲስ ሳለሁ ውሃ ሲያጥር መጀመሪያ ያለውን መስመር እንፈትሽ ነበር እንጂ ዘለን አዲስ ጉድጓድ አንቆፍርም። ወሬም እንደዚያው ነው። ቀደም ብላ ተናግራው ያለፋችሁትን አንሱ። በ2017 ካረን ሁዋንግና የሃርቫርድ ባልደረቦቿ ባወጡት ጥናት፣ በፈጣን መተዋወቂያ ዝግጅት ላይ ከተባለው ነገር ተነስተው ተከታይ ጥያቄ የጠየቁ ሰዎች ሁለተኛ ቀጠሮ የማግኘት ዕድላቸው የተሻለ ነበር።

የእህቴን ልጅ ቀጠሮ ልንገራችሁ። ልጅቷ «መጋዘን ነው የምሠራው፣ ሌሊት። ጠዋት ስገባ ሰው ሁሉ ሲወጣ ነው የምተኛው» አለችው። እሱ «ጥሩ ነው» ብሎ ወደ ቤተ ክርስቲያን ጥያቄ አለፈ። አሥር ደቂቃ ቆይቶ ወሬው ደረቀ።

«አጎቴ፣ ምን ልበላት ነበር?» አለኝ።

«ያንኑ አንሳዋ! ‹ቅድም ጠዋት ነው የምተኛው ብለሻል፤ ታዲያ ስትገቢ የምትበዪው ቁርስ ነው እራት?› በላት።»

ይህ ጥያቄ ትንሽ ነው፤ ግን በአንድ ቃል አያልቅም። ሽሮ ትሞቃለች? እናቷ ከአዲስ አበባ የምትደውለው በእንቅልፏ ሰዓት ነው? «ቅድም ብለሻል» የሚለው ቃል ደግሞ ስትናገር እንደሰማት ይነግራታል። ሁለት ጥያቄ ከጠየቀ በኋላ ግን የራሱን ይጨምር፤ አለበለዚያ ፖሊስ ይሆናል። እሱም ጀማሪ ሳለ የሌሊት ፈረቃ ሠርቷል፣ ያንን ያውራ። ስለ ወረቀትና አገር ቤት ስለሚላክ ገንዘብ ግን በመጀመሪያ ቀን አይጠየቅም።

ቦታም ይወስናል። ከመኪናዬ የተማርኩት ነው፤ ጎን ለጎን የተቀመጡ ሰዎች ዝም ሲሉ አይጨንቃቸውም፣ ፊት ለፊት ሲሆኑ ግን ሦስት ሰከንድም ይረዝማል። ከምግብ በኋላ ፒድሞንት ፓርክ ወይም ቤልትላይን ላይ ትንሽ ተራመዱ፤ የሚያልፈው ውሻ ራሱ ወሬ ያመጣል።

ይህ የማይሠራበት ጊዜም አለ። ካለችው ተነስተህ ሁለት ሦስቴ ጠይቀህ መልሷ «አዎ»፣ «እንጃ» ብቻ ከሆነ፣ አንድም ጥያቄ መልሳ ካልጠየቀችህ፣ ያለቀው ወሬ አይደለም። ሂሳቡን ክፈል፣ መኪናዋ ድረስ ሸኛት፣ ደህና እደሪ በላት።