ገንዘብ ያስገባው ደንበኛ ስንት ፈጀ?
በግሉ የፌስቡክና የጎግል ማስታወቂያ ሲሠራ የኖረ ባለሙያ ለባንክ ቋሚ ሠራተኛነት ሲያመለክት፣ ደብዳቤውን በእይታና በክሊክ ብዛት ይሞላዋል። እኔ ግን ደብዳቤው ገንዘብ ካስገባው ደንበኛ መጀመር አለበት እላለሁ። አንድ አመልካች የሞባይል ባንኪንግ መተግበሪያ ለማስተዋወቅ 100,000 ብር አውጥቶ 2,000 ሰው ጫነው እንበል። አንዱን ማስጫን 50 ብር ፈጀ ማለት ነው፤ ወረቀት ላይ ያምራል። ከእነዚህ ውስጥ ሒሳብ የከፈቱት 400፣ በመጀመሪያው ወር ገንዘብ ያስገቡት ደግሞ 100 ብቻ ከሆኑ፣ ባንኩ አንዱን ደንበኛ ያገኘው በ1,000 ብር ነው። ይህን ስሌት ሳይጠየቅ የሚያቀርብ፣ አብዛኛው ሰው የመታወቂያ ፎቶ ሲጠየቅ ማቋረጡን ለይቶ የሚናገር አመልካች፣ ችግሩ ማስታወቂያው ላይ ይሁን ምዝገባው ላይ መለየት ይችላል። ለባንክ የሚጠቅመውም ይኸው ነው። ሌላም አለ። በግሉ የሚሠራ ሰው ያልሠራለትን ጽሑፍ በዚያው ቀን ይቀይራል፤ ባንክ ውስጥ ግን ስለ ወለድ ወይም ስለ ብድር የተጻፈች አንዲት ዓረፍተ ነገር የሕግ ክፍሉን ይሁንታ ትጠብቃለች። ስለዚህ አማራጭ ጽሑፎችን አስቀድሞ የማስጸደቅ ልምድ ካለው በግልጽ ይጻፈው። የደንበኞችን ስልክ ቁጥር ያለ ፈቃድ ወደ ማስታወቂያ መድረክ እንደማይጭንም ይግለጽ። የቀድሞ አሠሪዎቹን ስምና በጀት ሳያስፈቅድ የዘረዘረ አመልካች ግን ውጤቱ ምንም ያህል ቢያምር ለባንክ አይሆንም።