ጥፋቱ የመቆጣጠሪያው አይደለም

የውሃ ተርባይን በር ሲከፈት ኃይሉ መጀመሪያ የሚወርደው መቆጣጠሪያው ቀርፋፋ ስለሆነ ነው የሚለውን ጽሑፍ አነበብኩ። ስህተት ነው፤ «አፍጥኑት» የሚለው ምክሩ ደግሞ አደገኛ ነው።

በሩ ድንገት ሲሰፋ በቧንቧው ያለው ከባድ የውሃ ዓምድ ወዲያው መፍጠን አይችልም። ፍሰቱ ባለበት ይቆያል፣ ተርባይኑ ጋ ያለው ግፊት ይወድቃል፣ ኃይሉም አብሮት ይወርዳል። የሚያገግመው ውሃው ሲፈጥን ነው።

የውሃው መነሻ ጊዜ 2 ሰከንድ ቢሆን፣ የተለመደው ቀላል ሞዴል (1−2s)/(1+s) ነው። ዜሮው s=0.5 ላይ፣ በቀኝ ግማሽ ይቀመጣል። በሩ በአንድ እርምጃ ሲከፈት ምላሹ y(t)=1−3e^(−t) ይሆናል፤ ከ−2 ተነስቶ ዜሮን የሚሻገረው ከ1.1 ሰከንድ በኋላ ነው።

አሁን y(t)ን በe^(−0.5t) አባዝታችሁ ከ0 እስከ ∞ ኢንተግሬት አድርጉት፤ 2−2፣ ማለትም 0 ይመጣል። ማባዣው ሁልጊዜ አዎንታዊ ስለሆነ፣ ኋላ ከፍ የሚል ምላሽ ቀድሞ ከዜሮ በታች መውረዱ ግድ ነው። የተረጋጋ ግብረ መልስ ይህን ዜሮ ስለማያጠፋው እኩልነቱ እዚያም ይጸናል። ምላሹ በፈጠነ ቁጥር አዎንታዊው ክፍል ይበዛል፤ እሱን የሚያካክሰው ውድቀት ባጠረ ጊዜ ውስጥ ስለሚጨመቅ ይብሱን ይጠልቃል። ዜሮውን በመቆጣጠሪያው ፖል ልሰርዝ የሚል ካለም፣ የበሩ ትዕዛዝ ያለገደብ እያደገ ያመልጠዋል።