«ይገነዘባሉ» ከዕቅዳችን ይውጣልን

«ከዚህ ክፍለ ጊዜ በኋላ ተማሪዎች ስለ ክፍልፋይ ይገነዘባሉ።» የዕጩ መምህራንን የዕለት ትምህርት ዕቅድ ሳገላብጥ ይቺን ዓረፍተ ነገር የማላገኝበት ጊዜ የለም። ርዕሱ ይቀያየራል፣ «ይገነዘባሉ» ግን ከቦታው ንቅንቅ አይልም። ሱፐርቫይዘሩም ፈርሞበት ያልፋል። እኔን የሚያንገበግበኝ ዕጩው ሳይሆን ይሄ ፊርማ ነው። ልጁ መገንዘቡን በምን ታየ? ራሱን በመነቅነቁ? «ገባችሁ?» ሲባል 64 ልጅ በአንድ ድምፅ «አዎ!» ማለቱ የሚለካው ሳንባን እንጂ ሒሳብን አይደለም።

ጉዳዩ አዲስ አይደለም። አሜሪካዊው ሮበርት ሜገር እ.ኤ.አ. በ1962 ባሳተመው ቀጭን መጽሐፍ ከአንድ ዓላማ ሦስት ነገር ጠይቆ ነበር፦ ተማሪው ምን ሲያደርግ ይታያል፣ በምን ሁኔታ፣ ምን ያህል ቢሠራ ይበቃል። እኛ ዘንድ የደረሰው የመጀመሪያው ብቻ ይመስላል፤ እሱም በግስ ዝርዝር መልክ። ኮሌጁ የግሶቹን ወረቀት ያድላል፣ ዕጩው ከዝርዝሩ አንዱን ቀጥፎ በ«ይገነዘባሉ» ቦታ ይተክላል፣ በቃ ዕቅዱ ተስተካከለ ይባላል።

አልተስተካከለም! የ4ኛ ክፍልን ሒሳብ እንውሰድ። ዕጩዋ መምህርት «ይገነዘባሉ»ን ሰርዛ «ተማሪዎች ክፍልፋዮችን ያወዳድራሉ» ብላ ጻፈች እንበል። ማወዳደር በዓይን ይታያል፣ ጥሩ። ግን የትኞቹን ክፍልፋዮች? ፈተናዋ 3/8ን ከ5/8 የሚያወዳድር ከሆነ፣ ስለ ክፍልፋይ ምንም የማያውቅ ልጅ 5 ከ3 እንደሚበልጥ አይቶ በትክክል ይመልሳል። በዚህ ዕድሜ ያለው ዋናው ስህተት ታህቱ ሲተልቅ ክፍልፋዩም የሚተልቅ መምሰሉ ነው፤ 8 ከ4 ስለሚበልጥ 1/8 ከ1/4 ይበልጣል ይላሉ። ዓላማው ይህን ስህተት ገልጦ ካላወጣ ግሱ ቢያምር ምን ይጠቅማል?

እኔ ብሆን እንዲህ እጽፈዋለሁ፦ «ተማሪዎች ላዕላቸው እኩል፣ ታህታቸው የተለያየ 6 ጥንድ ክፍልፋዮች ሲሰጧቸው፣ መጽሐፍ ሳያዩ፣ ቢያንስ በ5ቱ ትልቁን ያከብባሉ፤ የአንዱንም ምክንያት በሥዕል ያሳያሉ።» ረዘመ የሚለኝ አይጠፋም። ይርዘም! እያንዳንዷ ቃል ሥራ አላት። ላዕሉ እኩል በመሆኑ ታህቱ የተለቀውን የሚያከብብ ልጅ ስድስቱንም ይስታል፣ ስለዚህ በስህተት አስቦ በትክክል የመመለሱ ዕድል ተዘጋ። 5 ማለቴም ለቁጥር ማሟያ አይደለም፤ በግምት ብቻ የሚያከብብ ልጅ 5 እና ከዚያ በላይ የማግኘት ዕድሉ ከ64 ሰባት ነው። 64 ልጅ ባለበት ክፍል ሁሉም ቢገምቱ በአማካይ ሰባቱ ምንም ሳያውቁ ያልፋሉ ማለት ነው። ሥዕሉን የጨመርኩት እነዚያን ለመያዝ ነው።

ሥዕሉ ደግሞ ሌላም ጉድ ያወጣል። ልጁ 1/4ን በትንሽ ዳቦ፣ 1/8ን በትልቅ ዳቦ ላይ ሥሎ ሊያመጣ ይችላል፤ ሁለቱ ዳቦዎች እኩል መሆን እንዳለባቸው አልገባውም። ይህን የትኛውም ማክበብ አያሳይም። በነገራችን ላይ «ተማሪዎች በቡድን ይወያያሉ» ብለው ዓላማ ነው የሚሉም አሉ። ውይይት የክፍሉ ሥራ ነው፣ ከውይይቱ በኋላ ልጁ የሚሠራው ነው ዓላማው።

«ትምህርትን ፋብሪካ አደረጋችሁት» የሚሉኝን አውቃቸዋለሁ። የትምህርት ምሁሩ ኤሊዮት አይዝነር እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ሁሉም የትምህርት ውጤት አስቀድሞ ሊወሰን እንደማይችል፣ በተለይ በኪነ ጥበብ፣ ተከራክሯል፤ ልክም ነው። ቅኔ የሚሰማ ተማሪ ምን እንደሚያገኝ ከትናንት አልጽፍለትም። ግን 1/4 እና 1/8 ቅኔ አይደሉም። በአይዝነር ስም የሚሸሸገው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ዕቅድ ላለማሰብ የፈለገ ሰው ነው።

ለዕጩዋ የምለው ይህን ነው። ከ40ው ደቂቃ የመጨረሻዎቹን 8 ደቂቃ ለብቻ አስቀምጪ። ስድስቱን ጥንድ ሰሌዳ ላይ ጽፈሽ፣ ልጆቹ በግማሽ ገጽ ወረቀት ይሥሩ። ወረቀቱን ሰብስበሽ በሦስት ክምር ለዪው፦ ማክበቡም ሥዕሉም የተስተካከለ፣ ማክበቡ ደህና ሆኖ ሥዕሉ የተበላሸ፣ ከነጭራሹ የተገላበጠ። ሦስተኛው ክምር ከወፈረ ነገ ወደ ቀጣዩ ርዕስ አትሂጂ፤ እኩል የሆኑ ሁለት ወረቀቶች አስይዢያቸው፣ አንዱን አራት፣ አንዱን ስምንት ቦታ ያጣጥፉ፣ በእጥፉ ቀድደው ቁራጮቹን ያነባብሩ። ሱፐርቫይዘሩም ከመፈረሙ በፊት ዕቅዱን ሳይሆን እነዚያን ክምሮች ይጠይቅሽ።