ስጋትን በቅናሽ ምጣኔ መቅጣት ወይስ በእርግጠኝነት አቻ መመዘን?

የአዋጭነት ጥናቶችና የድኅረ ምረቃ መመረቂያ ጽሑፎች ስጋት ያለበትን ፕሮጀክት ሲገመግሙ ብዙውን ጊዜ አንድ የተለመደ መንገድ ይከተላሉ። ፕሮጀክቱ አስጊ ከመሰለ በቅናሽ ምጣኔው ላይ ጥቂት መቶኛ ይጨመርበታል፤ 8 የነበረው 12፣ 12 የነበረው 16 ይሆናል። ጭማሪው ስለ ምን 4 እንደሆነና 3 ወይም 6 እንዳልሆነ አንዳንድ ፈታኞች ይጠይቃሉ። ጭማሪው ስጋቱ በጊዜ ሂደት እንዴት እንደሚለዋወጥ ምን ብሎ እንደወሰነ ግን እምብዛም አይጠየቅም። በዚህ አጭር ጽሑፍ የምሟገተው ስለዚሁ ጉዳይ ነው። ስጋቱ በዓመታት ላይ እኩል ላልተዘረጋ ፕሮጀክት ምጣኔን ከፍ ማድረግ የተሳሳተ መሣሪያ ነው፤ በቦታው የእርግጠኝነት አቻ ስሌት ሊተካ ይገባል።

በምጣኔው ውስጥ የተሰወረው ግምት

የእርግጠኝነት አቻ ማለት በአንድ ዓመት ከሚጠበቀው እርግጠኛ ያልሆነ ገቢ ጋር ወሳኙ አካል ሳይቆጭ የሚለውጠው፣ ከስጋት ነፃ የሆነ የገንዘብ መጠን ነው። ከሦስት ዓመት በኋላ በአማካይ 100 ሊያስገኝ በሚችል ዕድልና በዚያው ጊዜ ያለ ጥርጥር በሚከፈል 85 መካከል ምርጫው እኩል ከሆነበት፣ የእርግጠኝነት አቻው 85፣ ማባዣው ደግሞ 0.85 ነው። ስጋቱ በዚህ መንገድ አንድ ጊዜ ከተቀነሰ በኋላ የሚቀረው የጊዜ ዋጋ ብቻ ስለሆነ፣ ቅናሹ የሚሠራው ከስጋት ነፃ በሆነው ምጣኔ ነው።

ከፍ ያለ ምጣኔ ግን ሁለቱን ሥራዎች ባንድ ላይ ይሠራል። ጊዜንም ስጋትንም በአንድ ቁጥር ስለሚቀጣ፣ በውስጡ የትኛው ማባዣ እንዳለ ለማየት ሁለቱን ስሌቶች ማስተካከል ያስፈልጋል። ከስጋት ነፃ የሆነውን ምጣኔ r፣ ከፍ የተደረገውን k፣ ዓመቱን t ብንል፣ የተሰወረው ማባዣ የሚከተለው ነው፦

```
α(t) = ((1 + r) / (1 + k))^t
```

አሌክሳንደር ሮቢቼክና ስቱዋርት ማየርስ በ1966 እ.ኤ.አ. በጆርናል ኦቭ ፋይናንስ ባሳተሙት ጽሑፍ ያሳሰቡት ይህንኑ ነው። ምጣኔው በየዓመቱ አንድ ዓይነት ከሆነ ማባዣው በየዓመቱ በአንድ ዓይነት ክፍልፋይ እየተባዛ ይወርዳል። ስለዚህ ቋሚ ምጣኔ የመረጠ ሰው፣ አወቀውም አላወቀው፣ ስጋቱ በየዓመቱ በእኩል ፍጥነት እየተከማቸ ይሄዳል ብሎ ወስኗል። ይህ ለአንዳንድ ንግዶች እውነት ሊሆን ይችላል። ለሁሉም እውነት ነው ማለት ግን አይቻልም።

የእንፋሎት ጉድጓድ

ልዩነቱ በግልጽ የሚታይበት መስክ የከርሰ ምድር እንፋሎት ነው። የዚህ ዘርፍ ዋናው ስጋት ከመሬት በታች በቂ ሙቀትና ፈሳሽ ይገኛል ወይ የሚለው ነው፤ ይህም በፍለጋ ቁፋሮው ወቅት ይለያል። በአሉቶ ላንጋኖ በ1970ዎቹ ዓ.ም. ከተቆፈሩት 8 ጥልቅ ጉድጓዶች ለምርት የበቁት ከፊሎቹ ብቻ ነበሩ። ጉድጓዱ ከተሳካና የኃይል ግዢ ውል ከተፈረመ በኋላ ግን የሚቀረው ስጋት የሌላ ዓይነት ነው፤ የክፍያ መዘግየት፣ የጉድጓድ ግፊት መቀነስ፣ የጥገና ችግር።

ለማስረዳት ያህል ቁጥሮቹን እኔ ያዘጋጀሁትን አንድ ፕሮጀክት እንውሰድ። የፍለጋ ቁፋሮው ዛሬ 10 ሚሊዮን ዶላር ይፈጃል። ውጤቱ ከአንድ ዓመት በኋላ ይታወቃል፤ የመሳካት ዕድሉ 0.6 ነው። ከተሳካ በዚያው ጊዜ 80 ሚሊዮን ለማመንጫ ጣቢያው ይወጣል፣ ከዚያም ከ2ኛው እስከ 21ኛው ዓመት በየዓመቱ 12 ሚሊዮን ይገባል። ካልተሳካ ሥራው ይቆማል። ከስጋት ነፃ የሆነው የዶላር ምጣኔ 4 በመቶ ነው እንበል።

በተለመደው መንገድ ገምጋሚው «ቁፋሮ አስጊ ነው» ብሎ 16 በመቶን ይመርጣል። የሚጠበቀው የጣቢያ ወጪ 48 ሚሊዮን፣ የሚጠበቀው ዓመታዊ ገቢ 7.2 ሚሊዮን ይሆናል። የ20 ዓመቱ ገቢ በ1ኛው ዓመት ላይ ሲተመን 42.7 ሚሊዮን ያህል ስለሆነ የጣቢያውን ወጪ እንኳ አይሸፍንም። ቁፋሮው ሲጨመርበት የተጣራው የአሁን ዋጋ ከዜሮ በታች 14.6 ሚሊዮን ይሆናል፤ ፕሮጀክቱም ይጣላል።

አሁን 16 በመቶ በውስጡ የያዛቸውን ማባዣዎች እናውጣ። ቁፋሮው በሚለይበት በ1ኛው ዓመት ማባዣው 0.90፣ በ10ኛው 0.34፣ በ21ኛው 0.10 ነው። በሌላ አነጋገር ገምጋሚው በእጅጉ የፈራውን የቁፋሮ ስጋት በዐሥር በመቶ ብቻ ቀንሶ አልፎታል። በውል የታሰረውን የመጨረሻ ዓመት ክፍያ ግን 100 ከሚጠበቅበት በ10 ለመለወጥ ፈቅዷል። ይህን አቋም በቃል ቢጠየቅ የሚደግፈው አይመስለኝም። ምጣኔው የሚያስፈራውን በቀላሉ አልፎ የማያስፈራውን ቀጥቷል።

በእርግጠኝነት አቻ ሲሰላ ሁለቱ ስጋቶች ለየብቻ ይመዘናሉ። በቁፋሮው ላይ ከተለመደው ገምጋሚ ይልቅ ጥብቅ እንሁን፤ የ0.6 ዕድልን በ0.45 እንተካው። በውሉ ክፍያም ላይ ጥርጣሬ ይኑረን፤ 12 ሚሊዮኑን በ0.75 አባዝተን 9 ሚሊዮን እናድርገው። የ20 ዓመቱ 9 ሚሊዮን በ4 በመቶ ሲተመን በ1ኛው ዓመት ላይ 122.3 ሚሊዮን ነው፤ የጣቢያው 80 ሚሊዮን ሲቀነስ 42.3 ይቀራል። ይህ በ0.45 ተባዝቶ ወደ ዛሬ ሲመለስ 18.3፣ የቁፋሮው 10 ሲነሳለት ደግሞ 8.3 ሚሊዮን ትርፍ ያሳያል።

እዚህ ላይ ትርጉም ያለው ውጤቱ ከአሉታዊ ወደ አዎንታዊ መቀየሩ ብቻ አይደለም። ክርክሩ ሰዎች ሊነጋገሩበት ወደሚችሉት ነገር ተሸጋግሯል። ፕሮጀክቱን ለመጣል የቁፋሮው ዕድል አቻ ከ0.25 በታች መውረድ አለበት፤ ወይም ቁፋሮው በ0.45 እንዳለ ሆኖ የውሉ ማባዣ ከ0.63 በታች መሆን አለበት። ስለ መጀመሪያው የሥነ ምድር ባለሙያ፣ ስለ ሁለተኛው የኃይል ገዢውን የክፍያ ታሪክ የሚያውቅ ሰው አስተያየት ሊሰጥ ይችላል። «ለምን 16?» ለሚለው ጥያቄ ግን ማንም ባለሙያ የሚመልሰው ነገር የለውም።

ወጪ ሲሆን የሚገለበጠው

ምጣኔን የማሳደግ ሌላው ጉድለት ከመጠን ሳይሆን ከአቅጣጫ ነው። ጉድጓዶቹ በ21ኛው ዓመት መጨረሻ ሊዘጉና አካባቢው ሊመለስ ይገባል እንበል፤ የሚጠበቀው ወጪ 10 ሚሊዮን ነው፣ ነገር ግን መጠኑ አስተማማኝ አይደለም። በ4 በመቶ የዛሬ ዋጋው 4.4 ሚሊዮን ነው። ገምጋሚው «ይህ ወጪ አስጊ ነው» ብሎ 16 በመቶ ቢጠቀም 0.44 ሚሊዮን ይሆናል። ወጪው ይበልጥ ባስፈራ ቁጥር ይበልጥ ቀለለ ማለት ነው። ስጋትን የሚሸሽ ሰው ግን እርግጠኛ ካልሆነ ወጪ ለመዳን ከአማካዩ በላይ ይከፍላል፤ ስለዚህ የወጪ ማባዣ ከ1 በላይ ነው። 10 ሚሊዮኑን 12 አድርገን፣ የሚከፈለው ቁፋሮው ከተሳካ ብቻ መሆኑን ጠብቀን ከላይ ባለው ስሌት ብናስገባው ትርፉ ከ8.3 ወደ 5.9 ሚሊዮን ይወርዳል። ፕሮጀክቱ ይቆማል፤ ለመጪው ትውልድ የሚተወው ዕዳም በስሌቱ ውስጥ ይታያል።

ማባዣው ከየት ይመጣል?

የተቃዋሚዎች ጠንካራ መከራከሪያ እዚህ ላይ ነው። ምጣኔ ከገበያ ሊነበብ ይችላል፣ ማባዣ ግን የገምጋሚው ስሜት ነው ይላሉ። ክርክሩ በከፊል እውነት ነው። ሆኖም ለአንዳንድ ሸቀጦች ገበያው የእርግጠኝነት አቻውን ራሱ ይሰጣል። የአረቢካ ቡና በኒው ዮርክ በወደፊት ውል ይሸጣል፤ የዚያ ውል ዋጋ ማለት ሻጭና ገዢ እርግጠኛ ባልሆነው የነገ ዋጋ ፋንታ ዛሬ የተስማሙበት ቁርጥ ዋጋ ነው። የቡና ላኪን የሚቀጥለውን ዓመት ገቢ የሚተምን ተመራማሪ ያን ዋጋ በመጠኑ አባዝቶ ከስጋት ነፃ በሆነ ምጣኔ መቀነስ ይችላል። ወሰኑ ግን አለ፤ ውሎቹ ረጅም ዓመታት ወደፊት አይዘልቁም፣ የይርጋ ጨፌ ቡና ዋጋም ከኒው ዮርኩ ጋር እኩል አይራመድም፣ የምርቱ መጠንም ራሱ ስጋት አለው።

ገበያ በሌለበት ማባዣው ከፍርድ ይመጣል፤ የማን ፍርድ መሆኑም መጻፍ አለበት። ብዙ የፍለጋ ቦታዎች ያሉት ባለሀብት የአንዱን ጉድጓድ ውድቀት በሌላው ስለሚያካክስ አቻው ለ0.6 ይቀርባል። ያለውን ሁሉ በአንድ ጉድጓድ ላይ ያዋለ ግን ብዙ ዝቅ ያደርገዋል። በብር ለሚሠሩ ጥናቶች ደግሞ ከስጋት ነፃ የሆነው ምጣኔ ራሱ ጥንቃቄ ይሻል። የግምጃ ቤት ሰነድ በገበያ ጨረታ መሸጥ የጀመረው በ2012 ዓ.ም. ስለሆነ የዋጋ ታሪኩ አጭር ነው፤ ወለዱ ከዋጋ ንረት በታች የሆነበት ጊዜም ስላለ የገቢ ትንበያውና ምጣኔው ስለ ንረት አንድ ዓይነት ግምት መያዛቸው መረጋገጥ አለበት።

ሁለት ስህተቶች ዘዴውን ያበላሹታል። አንደኛው ስጋትን ሁለት ጊዜ መቁጠር ነው፤ ገቢውን በማባዣ ቀንሶ እንደገና በ12 ወይም በ16 በመቶ መቀነስ። ይህን ለመለየት ቀላል ነው፦ ማባዣ ባለበት ሠንጠረዥ ከስጋት ነፃ ከሆነው ውጭ ሌላ ምጣኔ መኖር የለበትም። ሌላው ስህተት የተጋነነ ትንበያን በማባዣ ማረም ነው። ገቢው 15 ተብሎ አማካዩ በእውነት 12 ከሆነ፣ መጀመሪያ ትንበያው ወደ 12 ይስተካከል፤ ማባዣው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ስለዚህ ለመመረቂያ ጽሑፍ አማካሪዎችና ፈታኞች የማቀርበው ሐሳብ ውሱን ነው። ከፍ ያለ ምጣኔ የሚጠቀም ማንኛውም ጥናት ከገንዘብ ፍሰት ሠንጠረዡ አጠገብ አንድ ዓምድ ይጨምር፤ በእያንዳንዱ ዓመት ምጣኔው የሚያዝዘውን ማባዣ ያሳይ። ተማሪው በ20ኛው ዓመት ላይ የተጻፈውን 0.11 ተመልክቶ ሊከላከለው ከቻለ ምጣኔውን ይያዝ። መከላከል ካልቻለ ግን ምጣኔውን ወደ 4 መልሶ፣ ስጋቱን በሚገኝበት ዓመት ላይ በማባዣ ይጻፈው።